ጸጥታን በባንድ ስፋት መግዛት፦ የኤኤምና የኤፍኤም ክርክር ከ1922 እስከ 1954



ዛሬ የማቀርብላችሁ ትምህርት የሚነሣው ከአንድ የታሪክ ጥያቄ ነው። በ1922 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጆን ካርሰን የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ፣ ድምፅን በሬድዮ ለማስተላለፍ የሞገዱን ድግግሞሽ መለዋወጥ ጥቅም እንደማይሰጥ በስሌት አሳየ። ከ13 ዓመታት በኋላ ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ የተባለ መሐንዲስ በኒው ዮርክ ከተማ በሙያ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ያንኑ ስልት በጆሯቸው አሰማቸው። ነገሩን ጥያቄ የሚያደርገው የካርሰን ስሌት ስሕተት አለመሆኑ ነው። ዛሬም በየመማሪያ መጽሐፋችን ስሙን የያዘ ደንብ ይገኛል። ታዲያ ሁለቱም እንዴት ትክክል ሊሆኑ ቻሉ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ለመግባባት ያህል ከመሠረቱ እንጀምር። የሰው ድምፅ በማይክሮፎን አልፎ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲሆን ድግግሞሹ ጥቂት ሺህ ኸርዝ ብቻ ነው፤ በዚህ መጠን ከአንቴና ወጥቶ ሩቅ ሊጓዝ አይችልም። ስለዚህ ከፍተኛ ድግግሞሽ ባለው ተሸካሚ ሞገድ ላይ እንጭነዋለን። አጫጫኑ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። በኤኤም የሞገዱ ድግግሞሽ ሳይነካ ቁመቱ ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። በኤፍኤም ደግሞ ቁመቱ ባለበት ጸንቶ ድግግሞሹ ከመካከለኛው ቦታው ወደ ላይና ወደ ታች ያፈነግጣል። ይህ ፍንገጣ ምን ያህል ይስፋ የሚለው ነገር የዛሬው ትምህርታችን እምብርት ነው።

በ1920ዎቹ የሬድዮ ሰዎች ዋና ጭንቀት የቦታ ጥበት ነበር። አንድ ጣቢያ በ1000 ኪሎኸርዝ ተሸካሚ ላይ የ5 ኪሎኸርዝ ድምፅ በኤኤም ቢጭን፣ አየር ላይ የሚወጣው ተሸካሚው ብቻ አይደለም። በ995 እና በ1005 ኪሎኸርዝ ሁለት የጎን ድግግሞሾች አብረውት ይወጣሉ። ጣቢያው የሚይዘው ስፋት እንግዲህ የድምፁ ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ ማለትም 10 ኪሎኸርዝ ነው። የአሜሪካ የሥርጭት ባንድ ከ550 እስከ 1500 ኪሎኸርዝ ሲሆን በ10 ኪሎኸርዝ እርከን ሲከፋፈል 96 መስመር ብቻ ይወጣዋል። ለዚያ ሰፊ አገር 96 መስመር እጅግ ጥቂት ነበር።

በዚህ ጥበት ውስጥ አንድ የሚያማልል ሐሳብ ብቅ አለ። የተሸካሚውን ቁመት ትተን ድግግሞሹን በጥቂቱ፣ ለምሳሌ 100 ኸርዝ ወደ ላይና 100 ኸርዝ ወደ ታች ብናወዛውዘው፣ ጣቢያው የሚይዘው ስፋት 200 ኸርዝ ብቻ አይሆንምን? እንዲህ ቢሆን ኖሮ አንድ ጣቢያ በሚቀመጥበት ቦታ ሃምሳ ጣቢያ በተቀመጠ ነበር።

የአሜሪካ የስልክና የቴሌግራፍ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ካርሰን ይህን ተስፋ በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ አፈረሰው። የሐሳቡ ጉድለት በአንድ ቅጽበት ያለን ድግግሞሽ ሞገዱ ከሚይዘው ስፋት ጋር ማምታታቱ ነበር። ፍንገጣው 100 ኸርዝ ቢሆንም እንኳ፣ የሚለዋወጠው በሰከንድ 5000 ጊዜ ከሆነ፣ የጎን ድግግሞሾቹ ከተሸካሚው በ5 ኪሎኸርዝ ርቀት ላይ መውጣታቸው አይቀርም። ለውጡ ምን ያህል ትንሽ ነው የሚለው የጎን ድግግሞሾቹን ጉልበት ይወስናል እንጂ ቦታቸውን አያቀርበውም። ስለዚህ ኤፍኤም ከኤኤም ያነሰ ስፋት ሊይዝ ከቶ አይችልም፤ ፍንገጣው ሲሰፋ ደግሞ ይብስበታል። ካርሰን ይህን መሠረት አድርጎ ስልቱ ድምፅን ከማዛባት በቀር የሚያካክስ ጥቅም የለውም ሲል ደመደመ። ስሌቱን የተመለከቱ መሐንዲሶች ጉዳዩን የተዘጋ አድርገው ቆጠሩት።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ካርሰን የመለሰው ጥያቄ ኤፍኤም ቦታ ይቆጥባልን የሚል ነበር። መልሱም አይቆጥብም የሚል ሆነ። ቦታ ብናባክንለት በምላሹ ምን ይሰጠናል የሚለውን ግን በዚያ ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። ቦታ በጠበበበት ዘመን ማባከንን መጠየቅ ራሱ ሞኝነት ይመስል ነበርና።

አርምስትሮንግ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1890 በኒው ዮርክ የተወለደ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረና በኋላም በዚያው ያስተማረ ሰው ሲሆን፣ ዛሬ በየሬድዮው ውስጥ የሚገኘውን የሱፐርሄትሮዳይን መቀበያ በ1918 የፈለሰፈ ነው። እርሱን ያስጨነቀው የቦታ ጥበት ሳይሆን ጫጫታ ነበር። መብረቅ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ፍንጣሪ፣ የመቀበያው የራሱ ቱቦዎች የሚያመነጩት ሹክሹክታ፣ ሁሉም በሞገዱ ላይ እየተደመሩ ቁመቱን ይረብሹታል። የኤኤም መቀበያ ደግሞ ቁመትን ማንበብ ሥራው ስለሆነ የዘፋኙን ድምፅ ከመብረቁ የሚለይበት መንገድ የለውም። አርምስትሮንግ በዚህ ችግር ላይ ለዓመታት ከሠራ በኋላ የኤፍኤም ፓተንቶቹ በታኅሣሥ 1933 ተሰጡት። የፍልስፍናው ፍሬ ነገር ከሌሎቹ ተቃራኒ ነበር። ፍንገጣውን ማጥበቡን ትቶ ከድምፁ ድግግሞሽ ብዙ እጥፍ አሰፋው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ያለ ከባድ ሒሳብ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። የተሸካሚ ሞገዳችን ቁመት 1 ነው እንበል፤ በአጠገቡ ቁመቱ 0.1 የሆነ ረባሽ ሞገድ አለ። ሁለቱ ሲደመሩ የድምሩ ቁመት በ0.9 እና በ1.1 መካከል ይዋዥቃል። በኤኤም ከፍተኛው የድምፅ ጭነት ቁመቱን በ1 ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ነው፤ ረባሹ ደግሞ በ0.1 ይቀይረዋል። ስለዚህ ድምፁ ከረብሻው የሚበልጠው በ10 እጥፍ ነው። ረባሹ ከተሸካሚው በ1 ኪሎኸርዝ ይራቅ ወይም በ15 ኪሎኸርዝ፣ መቀበያው እስካሳለፈው ድረስ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

አሁን ያንኑ ረባሽ በኤፍኤም እንመልከተው። መቀበያው የቁመቱን መዋዠቅ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ሆኖም ረባሹ የሞገዱን ማዕዘን ማለትም ፌዙን ጭምር ያወዛውዘዋል። የውዝዋዜው ከፍተኛ መጠን 0.1 ራዲያን ያህል ነው። ማዕዘን ሲወዛወዝ ድግግሞሽም ያፈነግጣል፤ የዚህ ፍንገጣ መጠን የማዕዘኑ ውዝዋዜ ረባሹ ከተሸካሚው በራቀበት መጠን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ረባሹ በ1 ኪሎኸርዝ የራቀ ከሆነ የሚያስከትለው ፍንገጣ 100 ኸርዝ ነው። በ15 ኪሎኸርዝ የራቀ ከሆነ ደግሞ 1500 ኸርዝ ይሆናል።

እነዚህን ቁጥሮች የምናወዳድረው ከድምፁ ፍንገጣ ጋር ነው። ድምፃችን ተሸካሚውን በ75 ኪሎኸርዝ የሚያፈነግጥ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ከረብሻው 750 ጊዜ፣ እጅግ በከፋው በሁለተኛው ሁኔታ ደግሞ 50 ጊዜ ይበልጣል። በኤኤም 10 ጊዜ ብቻ እንደነበር አስታውሱ። እስከ 15 ኪሎኸርዝ ድረስ የተዘረጋውን ጫጫታ ሁሉ በአንድነት ስናሰላ፣ በእኩል የተሸካሚ ኃይል ኤፍኤም በድምፅና በጫጫታ የኃይል ጥምርታ 75 ጊዜ ይሻላል፤ ይህም ወደ 19 ዴሲቤል የሚጠጋ ነው። ድምፁ ተሸካሚውን የሚያፈነግጠው በ1 ኪሎኸርዝ ብቻ ቢሆን ኖሮስ? ያን ጊዜ የ15 ኪሎኸርዙ ረባሽ ከድምፁ ይበልጥ ነበር፤ ኤፍኤምም ከኤኤም የባሰ በሆነ ነበር። ስለዚህ ካርሰን የመረመረው ጠባብ ኤፍኤም በእርግጥ የማይረባ ነበር። ጥቅሙን የሚያመጣው ድግግሞሽን መለዋወጡ ብቻ ሳይሆን በስፋት መለዋወጡ ነው።

ዋጋው ደግሞ ቦታ ነው። የካርሰን ደንብ የምንለው ስሌት እንደሚነግረን፣ አንድ የኤፍኤም ጣቢያ የሚይዘው ስፋት በግምት የፍንገጣውና የድምፁ ከፍተኛ ድግግሞሽ ድምር እጥፍ ነው። 75 እና 15 ተደምረው 90፣ በሁለት ሲባዛ 180 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ለአንድ ጣቢያ 200 ኪሎኸርዝ የሚመደበው ጥቂት መጠባበቂያ ተጨምሮበት ነው። እንግዲህ 96 የኤኤም ጣቢያዎችን ያስተናገደው የያኔው ባንድ በሙሉ አምስት የኤፍኤም ጣቢያ እንኳ አይበቃውም ነበር። አርምስትሮንግ ከ40 ሜጋኸርዝ በላይ ወዳለው፣ ያን ጊዜ ባዶ ወደነበረው ሰፊ ሜዳ መውጣት የግድ ሆነበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የተደረገው በ1934 ነው። አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት ላይ የነበረውን ማሰራጫ እንዲጠቀምበት ፈቀደለት፤ መቀበያው በሎንግ አይላንድ ዳርቻ በዌስትሃምፕተን ተተከለ። ነጎድጓድ በኤኤም የሚመጣውን ድምፅ ሲያፍነው የኤፍኤሙ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። በኅዳር 1935 ደግሞ አርምስትሮንግ በኒው ዮርክ ለተሰበሰቡ የሬድዮ መሐንዲሶች ጽሑፉን ሲያቀርብ፣ ከወዳጁ ቤት ከዮንከርስ የተላለፈ ድምፅ በአዳራሹ ውስጥ አሰማቸው። ከድምፆቹ አንዱ ውኃ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ የሚሰማው ነበር። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። የውኃ ድምፅና የወረቀት መታሸት ራሳቸው ጫጫታ የሚመስሉ በመሆናቸው በኤኤም ተቀባይ ሹክሹክታ ውስጥ ተውጠው ይቀራሉ። እነርሱ ተለይተው ከተሰሙ የኋላው ጸጥታ እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ስለ መቀበያዎቹ አሠራር ጥቂት ልበል፤ ኤኤም ከዚህ በኋላም ለምን ሳይጠፋ እንደኖረ የሚገባን በዚህ በኩል ነውና። የኤኤም መቀበያ ልብ አንድ ዳዮድ፣ አንድ ካፓሲተርና አንድ ሬዚስተር ነው። ዳዮዱ የሞገዱን አንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል፤ ካፓሲተሩ በየጫፉ ይሞላና በሬዚስተሩ በኩል ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ በዚህም የሞገዱን ቁመት ማለትም ድምፁን ይከተላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የፍሰቱ ፍጥነት ነው። በ455 ኪሎኸርዝ ለሚሠራ መቀበያ 10 ኪሎኦም ሬዚስተርና 2 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብንመርጥ የጊዜ ልኩ 20 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። ይህ ከተሸካሚው አንድ ዑደት ዘጠኝ ጊዜ ያህል ስለሚረዝም የተሸካሚውን ንዝረት ያለሰልሳል፤ የ5 ኪሎኸርዝ ድምፅ ቁልቁል ሲወርድ ለመከተል ግን አይዘገይም። ካፓሲተሩን አሥር እጥፍ ብታሳድጉት ፍሰቱ ዘግይቶ ድምፁ ሲወርድ በሰያፍ ይቆረጣል። በኦሲሎስኮፕ ላይ የሞገዱ ቁልቁለት ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፤ በጆሮ ደግሞ ከፍ ያሉ ድምፆች ሻካራ ይሆናሉ።

የኤፍኤም መቀበያ ከዚህ በላይ ሁለት ነገሮች ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሊሚተር ነው፤ የሞገዱን ጫፍ ቆርጦ ቁመቱን አንድ ወጥ ያደርገዋል። ሁለተኛው ዲስክሪሚኔተር ሲሆን የድግግሞሽን ለውጥ ወደ ቮልቴጅ ለውጥ ይተረጉማል። ለዚህ የሚሆነው እጅግ ቀላሉ መንገድ ሞገዱን በአንድ የተቃኘ ዑደት ተዳፋት ላይ ማስቀመጥ ነው። ድግግሞሹ ወደ ዑደቱ መቃኛ ሲቀርብ ቁመቱ ይጨምራል፣ ሲርቅ ይቀንሳል፤ ከዚያ ያው የኤኤሙ ዳዮድ ያነበዋል። በዚህ ምክንያት ጠባብ ፍንገጣ ያለውን የኤፍኤም ንግግር በኤኤም መቀበያ ላይ ከትክክለኛው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ መስማት ይቻላል። በላቦራቶሪ ይህን የሚሞክሩ ተማሪዎቼ ድምፁ መሰማቱን አይተው መቀበያ ሠራን ይላሉ። ከፊቱ ሊሚተር ስለሌለ ግን ጫጫታው ሁሉ አብሮ ያልፋል። በአቅራቢያው አንድ የኤሌክትሪክ መብሻ ብናስነሣ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ሁኔታ ይጠይቃል። ተሸካሚው ከጫጫታው በግልጽ መብለጥ አለበት። ረባሹ 0.1 መሆኑ ቀርቶ ወደ 1 ሲጠጋ፣ የማዕዘኑ ውዝዋዜ ትንሽ መሆኑ ያከትማል፤ ሞገዱ በየቅጽበቱ ሙሉ ዙር ይንሸራተታል። በድምጽ ማጉያው ይህ እንደ ቋ ቋ የሚል ስንጥቅታ ይሰማል፤ ትንሽ ቆይቶም ድምፁ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ይህን ደፍ በ1937 በዝርዝር የመረመረው የአርሲኤው መሐንዲስ ሙሬይ ክሮዝቢ ነበር። ሰፊው ባንድ ራሱ ለዚህ አስተዋጽኦ አለው፤ 200 ኪሎኸርዝ የተከፈተ መቀበያ 10 ኪሎኸርዝ ከተከፈተው ሃያ እጥፍ ጫጫታ ያስገባልና። ኤኤም ግን እየደከመ ይሄዳል እንጂ እንዲህ በድንገት አይወድቅም። ከደፉ በታች ላለ ደካማ ጣቢያ ጠባቡ ኤኤም የተሻለ ነው።

ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቦታ ሲገናኙም ጠባያቸው ይለያያል። ኤፍኤም ብርቱውን ይይዝና ደካማውን ይውጠዋል። ለሙዚቃ አድማጭ ይህ በረከት ነው። አውሮፕላን ለሚቆጣጠር ሰው ግን ሁለት አብራሪዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ሌላ ሰው መኖሩን ማወቅ ይበጀዋል፤ በኤኤም ይህ በፉጨትና በተደራረበ ድምፅ ይታወቃል። የአውሮፕላን የንግግር ሬድዮ እስከ ዛሬ በኤኤም መሥራቱ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

አንድ የተለመደ ግርታም እዚህ ላይ ላጥራ። በአዲስ አበባ በ97.1 ወይም በ102.1 የምንሰማው ጣቢያ ከከተማው ርቀን ስንሄድ ይጠፋል፤ የመካከለኛና የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ግን በተለይ በሌሊት ከሩቅ ይሰማሉ። ብዙዎች ይህን የኤፍኤም ድካም አድርገው ይወስዱታል። እውነቱ ግን ቁጥሮቹ ሜጋኸርዝ መሆናቸው ነው፤ በዚያ ከፍታ ያለ ሞገድ በላይኛው አየር ተንጸባርቆ አይመለስም። ኤኤምንም በ97.1 ሜጋኸርዝ ብናሰራጭ ከአድማስ ብዙም አያልፍም ነበር። ኤፍኤም ወደዚያ የወጣው ስፋቱ ሌላ ቦታ ስላልበቃው ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1940 የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለኤፍኤም ከ42 እስከ 50 ሜጋኸርዝ መደበ፤ መደበኛው ሥርጭት በጥር 1941 ተጀመረ። በ1945 ግን ኮሚሽኑ ባንዱን ወደ 88 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ አዛወረው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መቀበያዎች በአንድ ውሳኔ ለኤፍኤም የማይረቡ ሆኑ። አርምስትሮንግ በ1948 አርሲኤን በፓተንት ጥሰት ከሰሰ። ክሱ ዓመታት ሲፈጅ ገንዘቡም ጤናውም አለቀ። በጥር 1954 መጨረሻ ከሚኖርበት ሕንፃ 13ኛ ፎቅ ራሱን ወርውሮ ሞተ። በዚያው ዓመት ማብቂያ አርሲኤ ከመበለቲቱ ከማሪዮን ጋር ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ክፍያ ታረቀ። እርስዋ በሌሎች ኩባንያዎች ላይ ክርክሩን ቀጠለች፤ የመጨረሻው በ1967 በእርስዋ አሸናፊነት ተፈጸመ።

አሁን የመነሻ ጥያቄያችን መልስ ያገኛል። ካርሰን ኤፍኤም ቦታ እንደማይቆጥብ አረጋገጠ፤ ይህ ዛሬም የጸና ነው። አርምስትሮንግ ደግሞ ቦታን ወጪ አድርጎ ጸጥታን መግዛት እንደሚቻል አሳየ። የአንዱ ስሌት የሌላውን አላፈረሰም። በ1937 ካርሰን ራሱ ከቶርንተን ፍራይ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ የሰፊ ፍንገጣን የጫጫታ ጥቅም በሒሳብ አስቀምጧል። በ1922 የተሳሳተው ስሌቱ ሳይሆን ከስሌቱ የተወሰደው ድምዳሜ ነበር፤ ጥቅም የለውም የተባለው አንድ ጥቅም ብቻ ተፈልጎ ሲታጣ ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ የአንድን ስልት ከንቱነት በስሌት የሚያሳይ ጽሑፍ ስታነቡ፣ ስሌቱን ከመመርመር ጋር ጸሐፊው የጠየቀው ምን እንደነበረ ደግማችሁ እንድታነቡ አደራ እላለሁ።